ኪሳራ ሁሉ ጥፋት አይደለም

አምቦ ያለ አክሲዮን ማኅበር ጉደር ላይ የዱቄት ፋብሪካ ከፈተ እንበል። ቦርዱ ከመወሰኑ በፊት የሦስት ሻጮችን ዋጋ አወዳድሯል፤ የመብራትና የስንዴ አቅርቦቱን አስጠንቷል፤ ከሻጩ ጋር የጥቅም ትስስር ያለው አባልም የለም። በዓመቱ ስንዴ ተወደደና ፋብሪካው ከሰረ። ባለአክሲዮኖች ቢከሱ ዋናው ጥያቄ «አተረፈ ወይ?» ሳይሆን «እንዴት ተወሰነ?» የሚለው ነው። በቅን ልቦና፣ በቂ መረጃ ይዞ የተሳሳተ ዳይሬክተር ከኪሱ አይከፍልም።

የቦርዱ አባላት ሰነዱን ሳያነቡ፣ ሊቀመንበሩ ስላሉ ብቻ ፈርመው ቢሆንስ? ያኔ ቅንነት ብቻውን አያድንም። በ1985 እ.ኤ.አ. የአሜሪካዋ ደላዌር ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በሁለት ሰዓት ስብሰባ የኩባንያ ሽያጭ ያጸደቁ ዳይሬክተሮችን ተጠያቂ አድርጓል። እኛም ጋ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጋቸውን የማስረዳቱን ሸክም በዳይሬክተሮቹ ላይ ጥሎ ነበር።

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው ቃለ ጉባኤውን ነው። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብቻ ከሆነ ያሳስበኛል።