ራስጌው ግርጌ የቀረ ቪዲዮ

በጥር ወር፣ ሰርግ በሚበዛበት ሰሞን፣ አንድ ወጣት ቀራጭ ከሰርግ ቤት በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ሙሽሮቹ የአያታቸውን ጉልበት ስመው ሲመረቁ እየቀረጸ ሳለ የካሜራው ባትሪ አልቆ ጠፋበት። ባትሪ ቀይሮ ሲያበራው ምርቃቱ ከቅጂዎቹ ዝርዝር ውስጥ የለም። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሲሰካው ደግሞ ፋይሉ ተቀምጧል፣ ግን በየትኛውም ማጫወቻ አይከፈትም። «ጋሼ፣ እንደገና ተመረቁልኝ ብዬ አዛውንቱን አላስቸግር» አለኝ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነበር፦ «ከዚያ በኋላ በዚህ ካርድ ቀርጸሃል?» አልቀረጸም፤ ወዲያው ሌላ ካርድ አስገብቷል። ያዳነው ይህ ነው። ቀጥሎ የፋይሉን መጠን አየሁ፤ 9 ጊጋባይት ገደማ ይላል። ካሜራው በሰከንድ 50 ሜጋቢት እንዲጽፍ ተስተካክሎ ነበር። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ በሰከንድ 6.25 ሜጋባይት ማለት ነው። ምርቃቱ 24 ደቂቃ ያህል እንደፈጀ ነገረኝ፤ ይህ 1,440 ሰከንድ ነው። ሁለቱን ስናባዛ 9,000 ሜጋባይት ይመጣል። ስለዚህ ምስሉ ካርዱ ላይ አለ፤ የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

የጎደለውን ባለሙያዎች «ሄደር» ይሉታል፣ ራስጌ ማለት ነው። ስሙ ግን ያሳስታል፤ በአብዛኛው ካሜራ ይህ ራስጌ የሚጻፈው በፋይሉ ግርጌ ነው። የኤምፒ4 ፋይል ሲጀመር ዓይነቱን የሚናገር `ftyp` የሚባል አጭር ክፍል ይጻፋል። ከዚያ `mdat` ይከተላል፤ ምስሉና ድምፁ ሳያቋርጡ እየተፈራረቁ የሚፈሱት እዚህ ውስጥ ነው። መቅረጹን ስናቆም ብቻ ካሜራው `moov` የሚባለውን ክፍል መጨረሻ ላይ ይጨምራል። የእያንዳንዱ ፍሬም መነሻና መጠን፣ በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚታይ፣ የምስሉ ስፋትና የተጨመቀበት መንገድ የተመዘገበው እዚያ ነው።

ካሜራው ይህን ቀድሞ ያልጻፈው በስንፍና አይደለም። አያት ተቀምጠው ሲናገሩ የሚቀረጽ ፍሬም ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ወጣቶች እስክስታ ሲወርዱ የሚቀረጸው ብዙ ይይዛል። የፍሬሞቹ መጠን አስቀድሞ አይታወቅም፤ ቁጥራቸውም የሚታወቀው አቁም ሲባል ነው። የእኛ ምርቃት በሰከንድ 25 ፍሬም ስለተቀረጸ 36,000 ፍሬም አለው። ባትሪው ሲሞት የነዚህ ሁሉ መዝገብ በካሜራው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ነበርና አብሮ ጠፋ። ማጫወቻው 9 ጊጋባይት ባይት ከፊቱ ተደርድሮ የቱ ምስል፣ የቱ ድምፅ እንደሆነ የሚነግረው የለም።

ይህ መሆኑን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ፋይሉን መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡና ቅጂውን በነጻ በሚገኘው ኤፍኤፍፕሮብ ፈትሹ፦

```
ffprobe broken.mp4
```

መልሱ `moov atom not found` ከሆነ ሕመሙ ይኸው ነው። የፋይሉን የስም ቅጥያ መቀየር ወይም መቀየሪያ በሚባሉ ፕሮግራሞች ውስጥ ማስገባት እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም፤ እነሱም ቢሆኑ የሚያነቡት ያንኑ የጠፋ መዝገብ ነው።

መድኃኒቱ የተመሠረተው አንድ ካሜራ በአንድ ዓይነት ማስተካከያ የሚቀርጻቸው ፋይሎች ሁሉ አሠራራቸው አንድ በመሆኑ ላይ ነው። አንትራንክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ለዊንዶውስ የተዘጋጀም ይገኛል። ሁለት ፋይል ይፈልጋል፦ በዚያው ካሜራ የተቀረጸ ጤነኛ ናሙናና የተበላሸውን። ከጤነኛው የምስሉን ስፋት፣ የአጨማመቁን ዓይነትና ድምፁ ከምስል ጋር የሚፈራረቅበትን ሥርዓት ይማራል። ከዚያ የተበላሸውን ከመጀመሪያው ጀምሮ እያነበበ የእያንዳንዱን ፍሬም ድንበር ይፈልጋል። በዚህ ዓይነት ፋይል ውስጥ የምስል ቁራጮች ርዝመታቸውን ራሳቸው ፊታቸው ላይ ጽፈው ስለሚመጡ ይህ ይቻላል። ይበልጥ የሚያስቸግረው ድምፁ ነው፤ የራሱ ምልክት ስለሌለው ፕሮግራሙ ከናሙናው በተማረው ይገምተዋል። መዝገቡን እንዲህ አዲስ ሠርቶ ይጨምርበታል፦

```
untrunc good.mp4 broken.mp4
```

እኛም ይህን አደረግን። የመጀመሪያው ሙከራ ግን ከሸፈ። ልጁ ለናሙና ያመጣው የዚያኑ ቀን፣ በዚያው ካሜራ የተቀረጸ የሙሽሮች አገባብ ነበር። ፋይሉ ተከፈተ፤ አያትም ታዩ፤ ግን እጃቸው ይጣደፋል፣ ምስሉ 12 ደቂቃ ላይ ሲያልቅ ድምፁ 24 ደቂቃ ይሄዳል። ልኩ እጥፍ መሆኑ ምክንያቱን ነገረን፤ አገባቡ በሰከንድ 50 ፍሬም ነበር የተቀረጸው። ፕሮግራሙ የ25ቱን ምርቃት በ50 መዝገብ አስሮታል። ስለዚህ ካሜራውን ወደ ምርቃቱ ማስተካከያ መለስነው፦ ያው ስፋት፣ ያው 25 ፍሬም፣ ያው 50 ሜጋቢት፣ ያው የማይክ አገባብ። በሌላ ካርድ የክፍሌን ግድግዳና የራሳችንን ወሬ 2 ደቂቃ ቀረጽን። በዚህ ናሙና የተሠራው ፋይል ከመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች በቀር ሙሉ ሆኖ ወጣ። እነዚያ ሰከንዶች ካርዱ ላይ ሳይደርሱ ስለጠፉ ማንም ሊያመጣቸው አይችልም።

ተከፈተ ማለት ዳነ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ትረዳላችሁ። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሰሌዳ ብቅ ካለ ፍሬም በተሳሳተ ቦታ ተቆርጧል። በሰዓት መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ላይ የሰው አፍ ከድምፁ ጋር መግጠሙን እዩ። ፋይሉን ዳር እስከ ዳር የሚያስነብብ ትእዛዝም አለ፤ ጽሑፍ ሳያወጣ ከጨረሰ መልካም ነው፦

```
ffmpeg -v error -i fixed.mp4 -f null -
```

የኛ ዕድል ጥሩ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ፋይሉ 0 ባይት ይላል። ያኔ የካርዱ ማውጫ ራሱ ሳይታደስ ቀርቷል፤ ምስሉ ግን በካርዱ ላይ ሊኖር ይችላል። የካርዱን ሙሉ ቅጂ ወስዶ እንደ ፎቶሬክ ባለ ፕሮግራም ጥሬውን መረጃ መፈለግ ያስፈልጋል። ካርዱ ብዙ ጊዜ እየተሰረዘ የተቀረጸበት ከሆነ ምስሉ በየቦታው ተበታትኖ ስለሚገኝ ውጤቱ ያን ያህል አያስተማምንም። ለካሜራ ባለቤቶች ሌላም ነገር አለ፦ እንደ ጎፕሮ ያሉ ካሜራዎች ካርዱን ባትሪ ሞልተው መልሰው ሲያስገቡት ራሳቸው ይጠግኑታል። ይህን መሞከር ይገባል፤ ግን ካርዱ ከተገለበጠ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

በ.MTS የሚቀርጹ ካሜራዎች ይህ ችግር እንዲህ አይጎዳቸውም። መረጃቸውን በትንንሽ ጥቅል እየቆረጡ፣ መለያውን በየመሐሉ እየደጋገሙ ስለሚጽፉ ኃይል ሲቋረጥ የሚጠፋው የመጨረሻው ቁራጭ ብቻ ነው። በኤምፒ4 የምትቀርጹ ግን ረጅሙን ሥነ ሥርዓት አንድ ፋይል አታድርጉት፤ አመቺ ፋታ ባገኛችሁ ቁጥር አቁማችሁ ቀጥሉ። ወደ ሰርግ ከመሄዳችሁ በፊትም በምትቀርጹበት ማስተካከያ የ1 ደቂቃ ናሙና ቀርጻችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡ። ባትሪ ከሞተ ደግሞ ካርዱን አውጡት፣ ሳትገለብጡትም ፎርማት አታድርጉት፤ አንዲት ሰከንድም አትቅረጹበት።