አነሳስን ከአቧራው ላይ ማንበብ

ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ አንዳንዴ ሞተሩ አልነሳ ያለ አሮጌ ፔጆ ታክሲ በሰው ጉልበት ይገፋል። ገፊዎቹን ልብ ብላችሁ እዩአቸው፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚገፋ የለም። ከተረከዝ እስከ ራስ ቅል በአንድ መስመር ወደፊት ያዘነብላሉ፤ እግራቸውን ከኋላ ተክለው መሬቱን ይገፋሉ፤ ቀና የሚሉትም መኪናው መንከባለል ሲጀምር ነው። በ100 ሜትር ሩጫ ተንበርክኮ መነሳትም ሥራው ይኸው መግፋት ነው። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ግን እዚሁ ላይ ነው፤ መነሳት ማለት እግርን ቶሎ ቶሎ ማንሳት ይመስላቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴንስ ኦሎምፒክ 100 ሜትርን ያሸነፈው አሜሪካዊው ቶማስ በርክ እጁን መሬት አስነክቶ ነበር የተነሳው። የመነሻ ብሎክ በኦሎምፒክ ሥራ ላይ የዋለው በ1948 ለንደን ላይ ነው፤ ጄሲ ኦወንስ በ1936 በርሊን ላይ የሮጠው መሬቱን በትንሽ አካፋ ቆፍሮ እግሩን ከጉድጓዱ ውስጥ በማስገባት ነው። ስለዚህ ብሎክ የሌለው ትምህርት ቤት ሥልጠናውን ማቆየት አያስፈልገውም። ከሯጩ ኋላ ሁለት ልጆች እግራቸውን በጎን አጋድመው ቢያቆሙለት መደገፊያ ይሆናል።

የፈረስ መጋላ አደባባይ ራሱ በባጃጅና በገበያተኛ የተሞላ ስለሆነ ለልምምድ አይሆንም። በሐረር በር በኩል ከጀጎል ወጥቶ የአፈር ሜዳ መፈለግ ይሻላል፤ አፈሩ የሚያስፈልግበትን ምክንያት ኋላ እንመለስበታለን።

የጫማዋ ርዝመት 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ እናሰልጥን እንበል። መጀመሪያ የትኛው እግሯ ከፊት እንደሚሆን እንወቅ። እግሮቿን ገጥማ ቀጥ ብላ ትቁም፤ ቀስ እያለች ወደፊት ትዘንብል። እንዳትወድቅ ሳታስበው የምታስቀድመው እግር ከኋላ የሚቆመው ነው። ቀኝ ነው እንበል። ግራ እግሯ ከመነሻው መስመር ሁለት ጫማ ወደኋላ፣ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናል፤ ቀኙ ሦስት ጫማ፣ ማለትም 75 ሴንቲ ሜትር ላይ። እጆቿ ከትከሻዋ ትንሽ ሰፋ ብለው ከመስመሩ ጀርባ በጣቶቿ ላይ ይቆማሉ፤ አውራ ጣት ወደ ውስጥ፣ ሌሎቹ ወደ ውጭ።

«ተዘጋጂ» ሲባል ዳሌዋ ከትከሻዋ ጥቂት ከፍ ይላል፤ የፊተኛው ጉልበቷ ወደ 90 ዲግሪ፣ የኋለኛው ወደ 120 ዲግሪ ይታጠፋል። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ዳሌያቸውን በጣም ሰቅለው እግራቸውን ይዘረጋሉ። የተዘረጋ ጉልበት ደግሞ የሚገፋበት ነገር አይቀረውም። ሌላው ስህተት መድረሻውን ለማየት ቀና ማለት ነው፤ አንገት ሲቀና ጀርባም ይከተላል። «ከመስመሩ አንድ ሜትር አለፍ ብሎ ያለውን መሬት እዪ» ማለት ይበቃል።

የመነሻው ጭብጨባ ሲሰማ የምትሰማው ቃል አንድ ብቻ ይሁን፦ «ግፊ!» ሁለቱም እግሮች ይገፋሉ፤ ቀኙ ቀድሞ ዝቅ ብሎ ወደፊት ይመጣል፣ ግራ እጇ ከእሱ ጋር ወደፊት ሲወጣ ቀኝ እጇ በኃይል ወደኋላ ይወረወራል። በአንድ ሙከራ ስለ ዳሌም ስለ እጅም ስለ ዓይንም ከተነገራት አንዱንም አታደርግም። ስለዚህ በየሙከራው አንድ ነገር ብቻ ንገሯት።

አሁን አፈሩን እንይ። የመጀመሪያዋ ዱካ ከመስመሩ ሁለት ጫማ ገደማ አልፋ፣ በእግሯ ፊተኛ ክፍል ብቻ የታተመች ከሆነች ጥሩ ነው፤ በዱካዎቹ መካከል ያለው ርቀትም እየሰፋ መሄድ አለበት። የመጀመሪያዋ ዱካ አራት ጫማ ርቃ ተረከዝ ካተመች፣ ቀጥሎ ያለው እርምጃም ካጠረ፣ ልጅቷ እግሯን ከሰውነቷ አስቀድማ ፍሬን ይዛለች። መድኃኒቱ «አጭር እርገጪ» ማለት አይደለም፤ እንዲያ ከተባለች መግፋቷን ትታ ትረግጥ ትረግጥና ቦታዋ ላይ ትቀራለች። «ከሥርሽ ርገጪ፣ ወደኋላ ግፊ» በሏት።

ዱካው ትክክል ሆኖ ፍጥነቷ ካልጨመረ ከጎን ቆማችሁ እዩ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው እርምጃ ቀጥ ብላ ቆማ ይሆናል። ለጀማሪ ሰውነት ቀስ በቀስ ቀና እያለ ከ10 እስከ 15 ሜትር መሄድ አለበት። ይህን ለማስተማር ትንሽ ዳገት ይረዳል፤ መሬቱ ራሱ ወደ እግሯ ስለሚቀርብ ማዘንበሉ ሳይነገራት ይመጣል። ዳገቱ ግን ለስለስ ያለ ይሁን፤ ከበዛ እርምጃው ይሰባበራል።

በአንድ ቀን ከ6 እስከ 8 አነሳስ፣ እያንዳንዱ 20 ሜትር፣ በመካከሉ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ዕረፍት ለዚህ ዕድሜ በቂ ነው። ዱካዎቹ መዛባት ከጀመሩ ስምንት ባይሞላም የዕለቱ ሥራ ይቁም፤ የደከመ እግር የሚለማመደው ስህተቱን ነው። ከ«ተዘጋጂ» እስከ ጭብጨባው ያለውን ጊዜም አንዴ አንድ፣ አንዴ ሁለት ሰከንድ እያደረጋችሁ ለዋውጡት፤ አለዚያ ልጅቷ ድምፁን መስማት ትታ መገመት ትለምዳለች። በውድድር ደግሞ ተኩሱ ከተሰማ በኋላ 0.1 ሰከንድ ሳይሞላ የተነሳ ሯጭ ያለጊዜው እንደተነሳ ይቆጠርበታል።