ዳሽን የትኛው?

አንዲት እናት «ልጄ ዳሽን ገባ» ቢሉ፣ ልጁ አዲስ አበባ ገንዘብ ይቆጥር እንደሆነ ወይም ጎንደር ቢራ ይጠምቅ እንደሆነ ገና አልታወቀም። ዳሽን ባንክና ዳሽን ቢራ ስማቸውን ያገኙት ከአንድ ተራራ ነው እንጂ ዝምድና የላቸውም። አንበሳ ጫማና አንበሳ አውቶቡስም እንዲሁ ናቸው። አዋሽ ባንክና አዋሽ ኢንሹራንስ ግን እህትማማች ናቸው፤ አዋሽ ወይን ደግሞ ከእነሱ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ስሙን ብቻ ይዞ ዝምድናን መገመት አያዋጣም።

ተራራ፣ ወንዝና አውሬ የማንም የግል ንብረት ስላልሆነ ሁሉም ወደዚያው ይሄዳል። ሕጉም ይፈቅድለታል። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው ለተወሰነ ዕቃ ወይም አገልግሎት ነው፤ ለዚህም ዕቃና አገልግሎት በ45 መደቦች ተከፍሏል። ቢራ በ32ኛው፣ የባንክ ሥራ በ36ኛው ይገኛል። ቢራ ሊገዛ የወጣ ሰው በስህተት የባንክ ሒሳብ ከፍቶ አይመለስም፤ ስለዚህ ሁለቱ ባለቤቶች በአንድ ስም ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ። ጠቡ የሚነሳው ሌላ ጠማቂ በዚያው ስም ሲመጣ ነው።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱን ጣጣ ይጨምራል። «ፀሐይ»ን ብንወስድ፣ በ«ፀ» ወይም በ«ጸ»፣ በ«ሀ»፣ በ«ሐ» ወይም በ«ኀ» ሊጻፍ ይችላል። ይህ ብቻ ስድስት አጻጻፍ ይሆናል፣ ለጆሮ ግን አንድ ነው። በላቲን ሲጻፍማ እንደ ጸሐፊው ነው። በአንዱ አጻጻፍ ፈልጎ «የለም» ማለት እንግዲህ ብዙም አያስተማምንም።

ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? በወሬ ከሆነ ከተማውንና ሥራውን መጠየቅ ይበቃል። ገንዘብ ያለበት ጉዳይ ከሆነ ግን ሙሉ ስሙን እስከ ጭራው ማንበብ ነው። «አክሲዮን ማኅበር» እና «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ለጌጥ የተቀጠሉ አይደሉም፤ ጭራው ከተለያየ ድርጅቱም የተለያየ ነው። ጭራውም አንድ ከሆነ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ ማለትም ቲኑ፣ ይፈርዳል። ቁጥሩ አሥር አሃዝ ነው፤ በደረሰኙም በንግድ ፈቃዱም ላይ ይገኛል።

ለምሳሌ ሲሚንቶ ለመግዛት ውል ተፈራረሙ እንበል። ከሳምንት በኋላ የመጣው ደረሰኝ ስሙ ያው ነው፣ ቲኑ ግን ከውሉ ይለያል። ሻጩ «ያው የእኛው ነው» ሊልዎት ይችላል። ባለቤቱ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ በሕግ ፊት ግን ውል የገባው አንዱ፣ ደረሰኝ የቆረጠው ሌላው ነው። ሲሚንቶው ባይመጣ ማንን ይከሳሉ? በተቃራኒው ስሙ ተቀይሮ ቲኑ ያው ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ድርጅቱ ስሙን ለውጦ ነውና የለውጡን ማስረጃ መጠየቅ ይበቃል።

በስልክ ገንዘብ ሲልኩም የተቀባዩ ስም ከማረጋገጫው በፊት ይመጣል። ያንን ስም ከውሉ ጋር ሳያመሳክሩ አይላኩ።