በሌለ ሰው ላይ የሚውል አክብሮት

የአክብሮት ተውላጠ ስሞች ጥናት መሠረት የያዘው ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። የፈረንሳይኛውን «ቱ» እና «ቩ» የመሰሉ ጥንዶችን በሁለት ሚዛን መዘኗቸው፤ በሥልጣንና በቅርበት። የበላይ «ቱ» ብሎ «ቩ» ይባላል፤ እኩዮች ግን አንዱን ቃል ይለዋወጣሉ። ቀጥለው ፔኔሎፔ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰን በ1978፣ ኋላም በ1987 በመጽሐፍ መልክ፣ ኤርቪንግ ጎፍማን ያነሳውን የገጽታ ሐሳብ አስፋፉት። ሰው ሁሉ መወደድ ይሻል፤ እንዳይጫኑትም ይሻል። ትእዛዝ፣ ልመና ወይም ወቀሳ ይህን ገጽታ ይነካል፤ ትሕትና ደግሞ ጉዳቱን ማለዘቢያ ነው። ይህ አስተሳሰብ የአማርኛን አንቱታ በከፊል በሚገባ ያስረዳል፤ ዋናውን ነገር ግን ይስተዋል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የሚያስረዳውን እንይ። በአማርኛ አክብሮቱ ግሡ ላይ ስለሚያርፍ «እርስዎ» የሚለው ቃል ባይነሳ እንኳ «መጡ» ማለት ይበቃል። «መጣህ» እና «መጣሽ» አንድን ሰው ከነጾታው ለይተው ይጠሩታል። «መጡ» ግን ለእርስዎም፣ ለእሳቸውም፣ ለእነሱም የሚሆን ነው፤ ጾታው ይጠፋል፣ ቁጥሩም ይደበዝዛል። አድማጩ ተለይቶ ስለማይጠቆም ጫናው ይቀልለታል፤ ብራውንና ሌቪንሰን የብዙ ቁጥርን አክብሮት የተረዱትም እንዲሁ ነው። ስልክ ያነሳ ሰው «ማን ልበል?» የሚለውም ለዚሁ ይመቻል። የደወለው ሽማግሌ ይሁን ልጅ፣ ወንድ ይሁን ሴት ገና አይታወቅም፤ ግሡ በአንደኛ መደብ ስለሆነ ግን ተናጋሪው «ነህ» ወይም «ነዎት» ከማለት ይድናል።

ችግሩ የሚመጣው በሦስተኛው መደብ ነው። ሁለት የሥራ ባልደረቦች ቢሮ ውስጥ ስለሌሉ አንድ አዛውንት ሲያወሩ አንዱ «መጡ ወይ?» ሌላው «አልመጣም» ቢል አዛውንቱ አልሰሙም፤ ገጽታቸው በዚያ ሰዓት የሚነካበት መንገድ የለም። ሆኖም «አልመጣም» ያለው ሰው ትዝብት ላይ ይወድቃል። «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል፤ ፍርዱ በእሱ ብቻ ሳይቆም እስከ ወላጆቹ ይደርሳል። ወሬው ሊደርሳቸው ይችላል፣ ወይም አድማጩ ዘመዳቸው ይሆናል የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ግን ለሞቱ ሰዎች አይሠራም። «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር» ሲባል አክብሮቱ የሚያርፈው ምንም ሊደርሰው በማይችል ሰው ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሌላም ነገር ይገልጣል፦ ሟቹ «ነፍሳቸውን» ሲባሉ ፈጣሪ «ይማር» እንጂ «ይማሩ» አይባልም። አንቱታ የሥልጣን ደረጃን በቀጥታ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በተገለበጠ ነበር። በጸሎትም እግዚአብሔር «አንተ»፣ ድንግል ማርያም «አንቺ» ትባላለች፤ ይህም ድፍረት ተብሎ አያውቅም።

ስለዚህ ቅርጹ ከተጠቀሰው ሰው ይልቅ ስለ ተናጋሪው ብዙ ይናገራል፦ እንዴት እንዳደገ፣ ራሱን ከማን ጋር እንደሚያሰልፍ፣ ንግግሩን ምን ዓይነት አድርጎ እንደሚያየው። ማይክል ሲልቨርስታይን አመልካችነት ሲል ያጠናው ይህንን ነው። አንድ ቅርጽ መጀመሪያ ዕድሜን ወይም ሹመትን ያመለክታል፤ ከዚያ ያ አመልካችነት ራሱ ሌላ ትርጉም ይሸከምና «የተቀጣ ሰው» ወይም «ባለጌ» የሚል መለያ ይሆናል። ከጃፓንኛ ተነስተው ዮሺኮ ማትሱሞቶ በ1988፣ ሳቺኮ ኢዴ በ1989 ያቀረቡት ተቃውሞም ወደዚህ ያደላል። ግሡ ያለ ምርጫ የማይነገር ከሆነ፣ አክብሮቱ ሰው ጉዳት ለማለዘብ አስቦ የሚጨምረው ነገር ሳይሆን ቦታውን ማወቁን የሚያሳይበት ግዴታ ነው።

ብርቱው ተቃውሞ ይህ ነው፦ ግዴታ ከሆነ ሰዎች እንዴት ይለዋውጡታል? ጠብ ሲነሳ «እርስዎ» በድንገት «አንተ» ይሆናል፤ የተኳረፉ ጓደኛሞች ደግሞ «አንተ» መባባልን ትተው በ«እርስዎ» ይራራቃሉ። ለእኔ ይህ ማስረጃ የሚደግፈው አመልካችነትን ነው። ለውጡ ስድብ ወይም ኩርፊያ የሚሆነው ሁለቱም የተለመደውን ስለሚያውቁ ብቻ ነው፤ ልማዱን የማያውቅ የውጭ አገር ሰው «አንተ» ቢል ማንም አይቆጣም። የገጽታ ንድፈ ሐሳብ ተገቢ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የትኛው ቅርጽ ለማን እንደሚገባ አይነግረንም፤ ከተለመደው መውጣት ምን ያህል እንደሚያቆስል ግን ይነግረናል። አንቱታ ራሱ ሊያስቀይም መቻሉም ከዚህ ይመጣል። «እርስዎ» የተባለች የአርባ ዓመት ሴት «አንቺ በለኝ» ብላ የምታርመው ክብሩን ጠልታ አይደለም፤ ቅርጹ ያመለከተው ዕድሜ ስለማይጥማት ነው። ቀድሞ በብዙ ቤት ሚስት ባሏን «አንቱ» ስትል ባል «አንቺ» ይላት ነበር፤ ዛሬ በከተማ «አንተ» እና «አንቺ» መባባል ሰፍቷል። ብራውንና ጊልማን በአውሮፓ ያዩት ከሥልጣን ወደ ቅርበት የሚደረግ ጉዞ በትዳር ውስጥ ይታያል ማለት ነው። ሆኖም እነዚሁ ባልና ሚስት ስለ አማቶቻቸው ሲያወሩ፣ አማቶቹ በሌሉበትም፣ «መጡ» ማለታቸውን አልተዉም።