ባሕር የማይደርሰው ወንዝ በሦስት ደቂቃ ፊልም

ስለ ውሃ ዑደት ለልጆች የሚሠሩ አኒሜሽኖች አብዛኞቹ አንድ መንገድ ይከተላሉ። ከባሕር ተን ይነሣል፣ ደመና ይሆናል፣ ተራራ ላይ ይዘንባል፣ ወንዙም ውሃውን መልሶ ባሕር ያስገባዋል። ይህ ታሪክ ለብዙ አገር ልጅ ይሠራል። አዲስ አበባ ለሚኖር የአሥር ዓመት ልጅ ግን መጨረሻው ላይ ይሰናከላል። የከተማዋ ዝናብ በአቃቂ ወንዞች በኩል ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና በአፋር ምድር፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። ከአቤ የሚወጣ ወንዝ የለም።

ለዚህ ነው ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሆን የሦስት ደቂቃ ስክሪፕት የሚጽፍ ሰው አዋሽን ቢመርጥ ይሻለዋል የምለው። በአቤ ሐይቅ ውሃ ለማምለጥ ዋናው መንገድ ወደ ላይ ነው፤ ትነትን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ስክሪፕቱ ለእያንዳንዱ ትዕይንት ሁለት ነገር ይይዛል፤ አንዱ የሚታየው፣ ሌላው የሚሰማው። ሥዕሉ ያሳየውን ድምፁ መድገም የለበትም። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተራኪው ከ200 ብዙም ያልበለጡ ቃላት ቢናገር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ልጆቹ ሥዕሉን የሚያዩበት ፋታ ያጣሉ። አጀማመሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ሥዕል፦ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሐምሌ ዝናብ። ውሃው በአሸንዳ ወርዶ ቦይ ውስጥ ይገባል። ጥግ ላይ «ዛሬ» የሚል ጽሑፍ።

ድምፅ፦ «ይህ ሁሉ ውሃ ከጣሪያችን ወርዶ የት ይሄዳል?»

ጥግ ላይ ያለችው «ዛሬ» የምትል ጽሑፍ ትንሽ ብትመስልም ብዙ ሥራ ትሠራለች። ፊልሙ ሁሉንም ነገር በሦስት ደቂቃ ስለሚያዞረው ልጁ ውሃ በተፈጥሮም እንዲሁ በቶሎ የሚዞር ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ወደ አየር የወጣ ተን በአማካይ ዘጠኝ ቀን ያህል ቆይቶ ይወርዳል። መሬት ውስጥ የሰረገው ግን ዓመታት፣ አንዳንዴም ከዚያ እጅግ የረዘመ ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ትዕይንት መሬቱን ከፍቶ የሰረገውን ውሃ ሲያሳይ ጥግ ላይ ያለው ጽሑፍ «ከብዙ ዓመት በኋላ» ወደሚል ይቀየራል፤ ውሃውም ከአቃቂ የጉድጓድ ውሃ ጋር በቧንቧ ወደ ከተማ ይመለሳል። ይህን ክፍል ብዙ ፊልሞች ይዘሉታል። ልጁ ግን በየቀኑ ሊጠጣው የሚችለው ውሃ እሱ ነው።

ትነት ላይ ሲደረስ ስክሪፕቱ ይፈተናል። ተን አይታይም። ሠዓሊው የማይታይ ነገር መሳል ስላለበት ብዙ ጊዜ ከሐይቁ ላይ ነጭ ጭስ ያስነሣል፣ አለዚያም ሰማያዊ ጠብታዎችን ከነዓይንና አፋቸው ወደ ሰማይ ያወጣል። ሁለቱም ያሳስታሉ። ከማንቆርቆሪያ አፍ የሚወጣውን ልብ ብላችሁ እዩት። ከአፉ አጠገብ ጥቂት ባዶ የሚመስል ክፍተት አለ፤ እሱ ነው ተኑ። ከዚያ በላይ የሚታየው ነጭ ነገር ቀዝቅዞ እንደገና ፈሳሽ የሆነ፣ በጣም ደቃቅ የውሃ ጠብታ ነው። ደመናም የተሠራው ከእንዲህ ዓይነት ጠብታዎች፣ ከፍ ሲል ደግሞ ከበረዶ ቅንጣቶች ነው። መፍትሔው ሐይቁ ላይ አጉሊ መነጽር መሳልና ነጥቦቹን በመነጽሩ ውስጥ ብቻ ማሳየት ነው። ተራኪው «በዓይናችን ልናያቸው አንችልም» ይላል፤ መነጽሩ ሲነሣ ነጥቦቹም ይጠፋሉ።

ዓይንና አፍ ያላት ጠብታ ሌላም ጣጣ ታመጣለች። አንዲት ጠብታ ስትተን እንዳለች ወደ ላይ አትወጣም፤ ሊቆጠሩ በማይችሉ ቅንጣቶች ተበትና ወደየአቅጣጫው ትሄዳለች። ያቺው ጠብታ ተመልሳ ጣሪያው ላይ ስታርፍ የሚያሳይ ፊልም ደስ ይላል፣ ግን ውሸት ነው። ከአቤ የተነሣውን ተን ነፋስ ወደፈለገው ይወስደዋል፤ ወደ ጊንጪ የመመለስ ግዴታ የለበትም። የክረምት ዝናባችን እርጥበት በብዛት ከሩቅ ይመጣል፤ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከአትላንቲክ በኮንጎ ደን በኩል፣ ከቀይ ባሕርም። ስለዚህ ባሕሩ ከፊልሙ አይወጣም። ቦታው ግን የወንዙ መጨረሻ ላይ ሳይሆን የደመናው መነሻ ላይ ነው።

«ፀሐይ ውሃውን ትስበዋለች» የሚለው አነጋገርም ከስክሪፕቱ ቢወጣ እመርጣለሁ። ፀሐይ ታሞቃለች እንጂ አትስብም። ልብስ በጥላ ሥር ይደርቃል፣ በሌሊትም ይደርቃል፤ ሙቀትና ነፋስ ያፈጥኑታል እንጂ ውሃ ለመትነን መፍላት አያስፈልገውም። በወንጂ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ላይ የሚሠራው አጭር ትዕይንት ለዚህ ይጠቅማል። አገዳው የአዋሽን ውሃ በሥሩ ጠጥቶ አብዛኛውን በቅጠሉ ወደ አየር ይለቀዋል።

ለደመናው የእንጦጦና የአዳማ ልዩነት ይበቃል። ልጆች ተራራ ለፀሐይ ስለሚቀርብ ይሞቃል ብለው ሊያስቡ ይችላሉ፤ እንጦጦ ላይ የወጣ ልጅ ግን ብርዱን ያውቀዋል። አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይሰፋል፣ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል፤ ያኔ ተኑ በአየር ላይ ባሉ የአቧራና የጨው ብናኞች ዙሪያ ጠብታ ይሠራል። የደመና ጠብታ ውፍረቷ የሚሊ ሜትር ሁለት መቶኛ ያህል ስለሆነች ዝም ብላ አትወርድም። አንድ የዝናብ ጠብታ የሚሆነው እንዲህ ያሉ አንድ ሚሊዮን ያህል ጠብታዎች ሲገናኙ ነው። ሁለት ደመና ተጋጭቶ ዝናብ ሲፈስ የሚያሳየው የተለመደ ሥዕል ያስቃል፣ የሚያስተምረው ግን የለም።

የመጨረሻው ትዕይንት አቤ ነው።

ሥዕል፦ የሐይቁ ዳርቻ፣ ነጭ የጨው ቅርፊት፣ ከመሬት የቆሙ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች።

ድምፅ፦ «አዋሽ በየመንገዱ ከድንጋይና ከአፈር ጨው እየለቀመ መጣ። ውሃው ተነነ። ጨውስ የት አለ?»

መልሱን ተራኪው ባይናገረው ይመረጣል፤ ሥዕሉ ይናገራል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨዉ ይቀራል። ከውቅያኖስ የተነሣ ዝናብ ጨዋማ ያልሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ስክሪፕቱ ለሠዓሊ ከመሰጠቱ በፊት ለጥቂት ልጆች ጮክ ተብሎ ይነበብ። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠየቁ። ሳህን ላይ የነበረ ውሃ በጥላ ደረቀ፤ የት ሄደ? ደመና ከምን ተሠራ? «መሬት መጠጠው» የሚል ልጅ ካለ ሳህኑን ልብ አላለውም፤ ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ሳህን ይጨመር። «ደመና ጭስ ነው» የሚል ካለ አጉሊ መነጽሩ ያለበት ትዕይንት እንደገና ይጻፍ። በዚህ ደረጃ ማስተካከል የሚጠይቀው እርሳስ ብቻ ነው። ፊልሙ በሰከንድ በ12 ሥዕል ከተሠራ በኋላ ግን የአንዲት ደቂቃ ስሕተት 720 ሥዕል እንደገና ያሠራል።