ለረጅም የሠርግ ቀን የሚመረጥ ጫማ፡ የታኮ ከፍታና የታኮ ቅርጽ

መግቢያ

በሀዲያ ዞን በምትገኘው በሾኔ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የሚደረግ ሠርግ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ጠዋት ከቤት ይወጣሉ፤ በቤተ ክርስቲያን በሚካሄደው ሥነ ሥርዓት ለሰዓታት ይቆያሉ፤ ከዚያም በግቢ ውስጥ ወደ ተጣለው ዳስ አምርተው እስከ ምሽት እንግዳ ይቀበላሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይጨፍራሉ። የዳሱ ወለል ሣር ወይም የተደለደለ አፈር ነው። የሚለብሱት ጫማ ግን በአመዛኙ ለለስላሳና ለጠንካራ የአዳራሽ ወለል የተሠራ ነው።

በማግሥቱ ወደ ጤና ተቋም የሚመጡት ችግሮች ለጤና ባለሙያዎች እንግዳ አይደሉም። ውሃ የቋጠረ ተረከዝ፣ የታጠፈ ቁርጭምጭሚት፣ ከጣቶች ሥር የሚያቃጥል ሕመም ይገኙባቸዋል። ጫማው ሲያማቸው አውልቀው በባዶ እግር ወደ ቤት የሚመለሱም አሉ። ሰዎች ጫማ ሲመርጡ በሰፊው የሚመሩበት አንድ አባባል አለ፤ «ታኮው ሰፊ ከሆነ አያደክምም» የሚል ነው። ይህ አባባል ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የታኮ ስፋትና የታኮ ከፍታ በእግር ላይ የሚያደርሱት ጫና የተለያየ ስለሆነ፣ አንዱን ማስተካከል የሌላውን ጉዳት አያስቀርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልዩነት ማብራራትና ከዚያ የሚከተለውን ምክር ማሳየት ነው። አንባቢ እንዳይደናገር «ታኮ» የጫማውን፣ «ተረከዝ» ደግሞ የእግሩን ክፍል ያመለክታል።

ከፍታው የሚወስነው ጉዳይ

አንድ ሰው በባዶ እግሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚያርፈው በተረከዙ ላይ ነው። ተረከዝ ወፍራም የስብ ትራስ ስላለው ይህን ጫና ለመሸከም የተዘጋጀ ነው። ታኮው ከፍ ባለ ቁጥር ግን ክብደቱ ወደ ፊት፣ ከጣቶች ሥር ወዳለው የውስጥ እግር ክፍል ይዛወራል። በዚያ ያለው ትራስ ስስ ነው፤ አጥንቶቹም ትንንሽ ናቸው። ስለሆነም በመጀመሪያ የሚያቃጥለው ይህ ስፍራ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል የሚያልፈው ነርቭ በተለይ ጫማው ፊቱ ሹል ሲሆን በሁለቱም አቅጣጫ ይጨመቃል። ይህ ሲሆን የሚመጣው ምልክት ማቃጠልና መደንዘዝ ነው።

ከዚህ አንጻር መለካት ያለበት የታኮው ሙሉ ቁመት አይደለም። መለካት ያለበት የታኮው ቁመት ከፊተኛው ሶል ውፍረት ተቀንሶ የሚቀረው ልዩነት ነው። ለምሳሌ የታኮው ቁመት 7 ሴንቲ ሜትር፣ የፊተኛው ሶል ውፍረት 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ እግሩ የሚያዘነብለው በ5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው። የእግሯ ርዝመት 24 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴት ከተረከዟ እስከ ጣቶቿ ሥር ያለው ርቀት 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ስሌት የ5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት እግሯን በ18 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል። ሶሉ ስስ ሆኖ ታኮው 9 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን ዝንባሌው ወደ 34 ዲግሪ ይጠጋል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት እግሩ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጣቶቹ ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋፋሉ።

ጉዳቱ በእግር ላይ ብቻ አይወሰንም። በ1998 እ.ኤ.አ. «ላንሴት» በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከፍተኛ ታኮ በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈውን የመጠምዘዝ ኃይል እንደሚጨምር አሳይቷል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ሰፊ ታኮ ያለውን ጫማ በዚያው መንገድ ሲመረምሩ በጉልበት ላይ የሚደርሰው ጫና ከቀጭኑ ታኮ ያነሰ ሆኖ አላገኙትም። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናታቸው ደግሞ 3.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ መካከለኛ ታኮም ይህንኑ ኃይል መጠነኛ በሆነ ደረጃ እንደሚጨምር ታውቋል። እንግዲህ ሰፊ ታኮ የሚሰጠው ምቾት ጉልበትንም ሆነ የጣቶችን ሥር አይጨምርም። ለእነዚህ ያለው መፍትሔ ቁመቱን መቀነስ ነው።

ቅርጹ የሚወስነው ጉዳይ

የታኮ ቅርጽ የሚወስነው ሚዛንን ነው። እግር ወደ ታች ሲዘረጋ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት በሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች መካከል የሚያስገባው ጠባቡን የኋላ ክፍሉን ነው። ስለዚህ መገጣጠሚያው ላላ ይላል፤ በውጭ በኩል ያለው ጅማትም በቀላሉ ይወጠራል። በዚህ ሁኔታ ላይ ታኮው ቀጭን ከሆነ ትንሽ ጠጠር ወይም የአፈር ጉድጓድ እግሩን ወደ ውስጥ ለማጠፍ ይበቃል።

በአፈር ወለል ላይ ሌላም ችግር አለ። 60 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሴት ስትራመድ ለቅጽበት ሙሉ ክብደቷ በአንድ ታኮ ላይ ያርፋል እንበል። የታኮው ጫፍ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ከሆነ መሬቱን የሚጫነው 60 ኪሎ ግራም በዚያች ነጥብ ላይ ነው። ታኮው በሁለቱም ወገን 4 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን ስፋቱ 16 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ጫናው በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ4 ኪሎ ግራም በታች ይወርዳል። በዝናብ በራሰ ግቢ ቀጭኑ ታኮ ይሰምጣል፤ ሰፊው ከላይ ይቆማል። ከተረከዝ እስከ ጣት ሥር ሳይቋረጥ የሚሄደው ታኮም በአፈር ላይ አይሰምጥም። ሆኖም ሶሉ ወፍራምና ግትር ሲሆን እግር የመሬቱን ጎርበጥባጣ ለመለየት ስለሚያዳግተው ቁርጭምጭሚት ሊታጠፍ ይችላል።

የታኮው አቀማመጥም መታየት አለበት። ጫማው በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ተረከዝ የሚያርፍበት ስፍራ በጣት ሲጫኑት መውደቅ ወይም መወዛወዝ የለበትም። ከኋላ ሲታይ ታኮው ቀጥ ብሎ፣ በተረከዙ መካከል ሥር መቆም ይገባዋል። ወደ ኋላ የወጣ ወይም ወደ ጎን ያዘመመ ታኮ ሰፊም ቢሆን አያስተማምንም።

አንድ ማሳያ

በሾኔ ለሚደረግ ሠርግ ሚዜ የሆነች የ26 ዓመት ወጣት በምሳሌነት ትወሰድ። ክብደቷ 60 ኪሎ ግራም፣ የእግሯ ርዝመት 24 ሴንቲ ሜትር ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ለዘጠኝ ሰዓት ጫማ ላይ ትሆናለች፤ ከዚህ ውስጥ አምስቱን ያህል በቁምና በእንቅስቃሴ ታሳልፋለች። የቀረቡላት ጫማዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው 9 ሴንቲ ሜትር ቀጭን ታኮና ሹል ፊት ያለው፣ ሁለተኛው 9 ሴንቲ ሜትር ሰፊ ታኮና ስስ ሶል ያለው፣ ሦስተኛው 7 ሴንቲ ሜትር ሰፊ ታኮና 2 ሴንቲ ሜትር የፊት ሶል ያለው፣ ፊቱ ክብ የሆነ ባለ ማሰሪያ ጫማ ነው።

የመጀመሪያው በሁለቱም መለኪያ ይወድቃል። ሁለተኛው ሻጩ «አያደክምም» ብሎ የሚያቀርበው ነው። በዳሱ ውስጥ አይሰምጥም፤ ቁርጭምጭሚቷንም በአንጻሩ ይጠብቃል። ዝንባሌው ግን ከመጀመሪያው ጋር እኩል በመሆኑ የቤተ ክርስቲያኑ ሥነ ሥርዓት ሳይጠናቀቅ የጣቶቿ ሥር ማቃጠሉ የማይቀር ነው። ሦስተኛው ከውጭ ሲታይ ከፍታውን ብዙ ሳያጣ ዝንባሌውን ወደ 18 ዲግሪ ያወርዳል። በእግር አናት ላይ የሚያልፈው ማሰሪያም እግሩ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ያግዛል። ምርጫው ሦስተኛው ነው። ከሦስቱ የተሻለ ሆነ ማለት ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ ዝቅ ያለ ሰፊ ታኮ ቢገኝ ይበልጥ ይመረጣል።

ወጣቷ የመጀመሪያውን ጫማ አስቀድማ ገዝታ ቢሆንስ? ታኮውን በጫማ ሰፊ ማስቆረጥ የሚታሰብ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም ማለፍ የለበትም። ሶሉ የተቀረጸው ለመጀመሪያው ቁመት በመሆኑ ከዚያ በላይ ሲቆረጥ የጫማው አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፤ ታኮውም በጫፉ ብቻ መሬት ይነካል። የሚሻለው ጫማውን ለሥነ ሥርዓቱና ለፎቶግራፉ ብቻ መልበስ፣ ወደ ዳሱ ከመግባት በፊት ደግሞ አስቀድሞ በተዘጋጀ ዝቅተኛ ጫማ መቀየር ነው። የሚቀየረውም ሕመም ከመጀመሩ በፊት ነው፤ የቆሰለ ቆዳ በሌላ ጫማም መታሸቱ አይቀርም።

የጤና ባለሙያው ምክር

እግር በቀን ውስጥ ስለሚያብጥ ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ ነው። የእግሩን ዙሪያ በወረቀት ላይ ሥሎ ከጫማው ሶል ጋር ማስተያየት ጥብቀቱን ቶሎ ያሳያል፤ ወረቀቱ ከሶሉ ወርድ ጎልቶ ከወጣ ጫማው ጣቶችን ይጨምቃል። ከሠርጉ በፊት ባሉት ቀናት ጫማውን በቤት ውስጥ በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት ያህል መልበስ የሚያሽበትን ስፍራ አስቀድሞ ያጋልጣል፤ በዚያም ላይ ፕላስተር መለጠፍ ይቻላል።

ዘወትር ከፍተኛ ታኮ የምታደርግ ሴት በድንገት ወደ ፍጹም ጠፍጣፋ ጫማ ብትዞር ባቷንና የተረከዟን ጅማት ሊያማት ይችላል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በእንዲህ ያሉ ሴቶች ላይ የባት ጡንቻ ክሮች አጥረው፣ የተረከዙ ጅማትም ደድሮ አግኝቷል። ለእነዚህ የመቀየሪያው ጫማ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ታኮ ቢኖረው ይመረጣል።

የእግር ስሜቷ የቀነሰ የስኳር ሕመምተኛ ግን በዚህ ምክር አትመራም። የሌሎችን እግር የሚያድነው ሕመም ነው፤ እርሷ ያንን ምልክት ስለማታገኝ ቁስል ሳታውቀው ይፈጠራል። ለእርሷ ተገቢ የሚሆነው ዝቅተኛ፣ ሰፊና ዝግ ጫማ ብቻ ነው። በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ያለች ሴትም ሚዛኗ ስለሚዛባ ከፍተኛ ታኮ አይመከርላትም።

በባዶ እግር መመለስ በዚህ አካባቢ የተለየ ትኩረት ይሻል። ከሾኔ በስተደቡብ የምትገኘው ወላይታ ከቀይ አፈር ጋር የሚያያዘው ዝሆኔ፣ ማለትም ፖዶኮኒዮሲስ፣ በስፋት የተጠናባት ስፍራ ናት። በሽታው ለዓመታት ከአፈር ጋር በባዶ እግር በመገናኘት የሚመጣ እንጂ የአንድ ቀን ውጤት አይደለም። ይሁን እንጂ እግሯ ማበጥ የጀመረ ሴት ታኮ ያቆሰለውን እግር በአፈር ላይ ብታሳርፍ ለኢንፌክሽንና ለድንገተኛ የእብጠት መባባስ ትጋለጣለች። ለእርሷ የመቀየሪያ ጫማ መያዝ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከሠርጉ በኋላ በጣቶች መካከል ያለ መደንዘዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልጠፋ ምርመራ ያስፈልገዋል። ቁርጭምጭሚቷ የታጠፈባት ሴት አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለች፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ ጉብታ የኋላ ጠርዝ ሲጫኑት ካመማት፣ ስብራት ሊኖር ስለሚችል ራጅ መነሣት አለባት።

ማጠቃለያ

ጫማ ለመምረጥ የምታማክር ሴት ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻቸው እንድትመልስ ሊነገራት ይገባል። የፊቱን ሶል ቀንሶ የሚቀረው ከፍታ ስንት ነው? ታኮው በዳሱ አፈር ላይ ይቆማል ወይስ ይሰምጣል? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የጣቶቿንና የጉልበቷን፣ የሁለተኛው የቁርጭምጭሚቷን ዕጣ ይወስናል። ከፍታው ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ታኮው ሰፊ፣ ፊቱ ክብ የሆነ ባለ ማሰሪያ ጫማ ለሁለቱም የተሻለ መልስ ነው።