የላብ ኮምፒውተር ላይ የሚከፈተው ቴሌግራም ለምን የስልካችሁን አይመስልም?



ሰሞኑን ወደ አይሲቲ ክፍላችን ከምትመጡት አብዛኞቻችሁ የምታነሱት ጥያቄ አንድ ነው። ስልካችሁ ላይ የለመዳችሁት ቴሌግራም ላብ ውስጥ ሲከፈት መልኩ ይለያል፤ ምናሌው ሌላ ቦታ ነው፣ አንዳንዱ ቻት አይታይም፣ ትናንት ያስተካከላችሁት ዛሬ እንደነበረው ተመልሷል። አካውንታችሁ የተጠለፈ መስሏችሁ የደነገጣችሁም አላችሁ። መልኩ መለየቱ ብቻውን የመጠለፍ ምልክት አይደለም። ምክንያቱን ላስረዳችሁ።

ላብ ውስጥ የምትጠቀሙት በብሮውዘር የሚከፈተውን ቴሌግራም ነው። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። ሁለቱንም ያወጣው ራሱ ቴሌግራም ሲሆን የተሠሩት ግን ለየብቻ ነው። የትኛው እንደተከፈተላችሁ ለማወቅ ከላይ ያለውን አድራሻ ተመልከቱ፤ `web.telegram.org/k` ወይም `web.telegram.org/a` ይላል። የአዝራሮቹ አቀማመጥና የምናሌው አደረጃጀት በሁለቱ ላይ አንድ አይደለም። አጠገባችሁ ያለው ኮምፒውተር `k`ን፣ የእናንተው ደግሞ `a`ን ከፍቶ ከሆነ ልዩነቱ ከዚያ የመጣ ነው። ቻታችሁ ግን በሁለቱም ያው ነው።

ትናንት ያስተካከላችሁት ለምን ይጠፋል? የላብ ኮምፒውተሮቻችን ላይ ዲፕ ፍሪዝ የሚባል ፕሮግራም አለ። ኮምፒውተሩ ሪስታርት በተደረገ ቁጥር ዋናውን ዲስክ እኛ ወዳዘጋጀነው ሁኔታ ይመልሰዋል። የመረጣችሁት ጨለማ ገጽታ፣ የቀየራችሁት ቋንቋ፣ ዴስክቶፕ ላይ ያወረዳችሁት ፋይል ሁሉ ይሄዳል። ይህን የምናደርገው አንድ ፍላሽ ይዞት የመጣ ቫይረስ ላቡን በሙሉ እንዳያበላሽ ነው። ዋጋው ግን ብሮውዘሩም አብሮ መቆሙ ነው፤ እኛ ከፍተን እስክናዘምነው ድረስ በራሱ አይታደስም። ዊንዶውስ 7 ባለባቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ብናዘምንም ክሮም ከ109ኛው እትም አያልፍም፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ የወጡት እትሞች ዊንዶውስ 10ና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። አዲስ የሚጨመር ነገር እነዚህ ማሽኖች ላይ ዘግይቶ ቢደርስ ወይም ጭራሽ ባይሠራ አይግረማችሁ።

አሁን ወደሚጠፋው ቻት ልምጣ። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ምዕራፍ ለጓደኛዋ የላከችው በሲክሬት ቻት ነበር። ላብ ገብታ ልታትመው ስትፈልግ ፋይሉ ቀርቶ ቻቱም የለም። መደበኛው የቴሌግራም ቻት የሚቀመጠው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ በየትኛውም መሣሪያ ስትገቡ ይመጣል። ሲክሬት ቻት ግን የሚቆለፍበት ቁልፍ ያለው ቻቱ በተከፈተባቸው ሁለት መሣሪያዎች ላይ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ቁልፉ ስለሌለው መልእክቱን ለላቡ ብሮውዘር ሊሰጠው አይችልም። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ፋይሉን ከስልኳ `Saved Messages` ወደሚለው ቦታ ላከችው፣ ላቡ ላይም ወዲያው ታየ። ላብ ውስጥ የምትፈልጉትን ፋይል ሁሉ አስቀድማችሁ እዚያ ብታስቀምጡ ከብዙ መመላለስ ትድናላችሁ።

«ታዲያ ለምን ሙሉውን የዴስክቶፕ ፕሮግራም አትጭኑልንም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የዴስክቶፑ ቴሌግራም መግቢያችሁን የሚያስቀምጠው `tdata` በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። የራሳችሁን መቆለፊያ ኮድ ካላበጃችሁለት፣ ይህን ፎልደር በፍላሽ የገለበጠ ሰው ስልካችሁን ሳይነካ አካውንታችሁ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በቀን ውስጥ ብዙ ሰው በሚፈራረቅበት ወንበር ላይ ይህን ያህል አደጋ መተው አልፈለግንም። ከፍላሽ የምታስነሱትንም አትጠቀሙ።

ብሮውዘሩም ቢሆን ካልወጣችሁ አያድናችሁም። ትሩን ዘግታችሁ ብትነሡ ከእናንተ በኋላ የሚቀመጠው ሰው ያንኑ አድራሻ ሲከፍት ቻታችሁ ይመጣለታል። ዲፕ ፍሪዝ የሚያጠፋው ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲደረግ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ክፍት ነው። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ከምናሌው `Log Out` በሉ። ረስታችሁ ቤት ከደረሳችሁ ደግሞ በስልካችሁ `Settings` ከዚያም `Devices` ግቡ። የገባችሁባቸው መሣሪያዎች በሙሉ ተዘርዝረው ታገኛላችሁ፤ የላቡን ነክታችሁ `Terminate` ስትሉ እዚያ ያለው ይዘጋል።

እዚያ ዝርዝር ውስጥ ላብም ሆነ ቤት ያልተጠቀማችሁበት መሣሪያ ካያችሁ ግን ያ የመጠለፍ ምልክት ሊሆን ይችላል። ወዲያው ዝጉት፣ `Two-Step Verification` የሚለውን ከፍታችሁ ፓስወርድ አውጡለት፣ ከዚያም ወደ ቢሮአችን ኑ። ስልክ ላይ የሚደርሳችሁን የመግቢያ ኮድ ለማንም፣ ለእኛ ለአይሲቲ ሠራተኞችም ቢሆን፣ አትንገሩ።